በ30 ሳምንት ለተወለደች ልጅ ክትባት ከየት ይቆጠራል?

«ልጄ ኅዳር 1 በ30 ሳምንቷ ተወለደች። ሐኪም የነገረኝ የመውለጃ ቀን ጥር 11፣ የጥምቀት ዕለት ነበር። አሁን 2 ኪሎ አልፋለች፣ ጡትም በደንብ ትጠባለች። የ6 ሳምንቱን ክትባት ታኅሣሥ 13 ላስከትባት ወይስ ከጥር 11 ልጀምር? እናቴ ገና አልጠናችም፣ ትቆይ እያለች ነው። ያለነው ዘጌ ነው።»

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ታኅሣሥ 13 ውሰጃት።

የኔም ልጅ በ30 ሳምንት ነው የመጣችው፣ 1 ኪሎ ከ350 ግራም ሆና። ባሕር ዳር ነው የወለድኳት። ከማሞቂያ ክፍል ስንወጣ ሐኪሟ «ይቺ ልጅ ሁለት ዕድሜ አላት» አለን። አንዱ ከተወለደችበት ቀን የሚቆጠረው ነው። ሌላው ያልደረሱት 10 ሳምንታት ተቀንሰው የሚገኘው፣ የተስተካከለ ዕድሜ የሚሉት ነው። ሁለተኛው የሚያስፈልገው እድገቷን ለማየት ነው። መቼ አንገቷ ይጠናል፣ መቼ ትቀመጣለች፣ መቼ ትሄዳለች ሲባል በዚያ ይታያል፤ እስከ 2 ዓመት ገደማ። ለክትባት ግን አይሠራም። ለክትባት ልጅሽ የኅዳር 1 ልጅ ናት፣ በቃ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ልጅ በሆድ ሳለ የእናቱን የበሽታ መከላከያ በእትብቱ በኩል ይወስዳል። ዋናው የሚተላለፈው ደግሞ በመጨረሻዎቹ ወራት ነው። በ30 ሳምንት የወጣች ልጅ ያ ስንቅ ሳይሞላላት ነው የመጣችው። ትክትክ ቢይዛት ትንፋሿ እስከመቋረጥ ሊያደርሳት ይችላል፣ ሳንባዋም ገና ነው። እናትሽ ደካማ ናት ማለታቸው ልክ ነው። ግን ቶሎ መከተብ ያለባት በዚሁ ምክንያት ነው። ሰውነቷም ክትባቱን መቀበል ይችላል። ውጭ ወጥታ አየሩንና ጀርሙን ከተገናኘች ሳምንታት አልፈዋል፣ ቀኗ ደረሰ አልደረሰ ብሎ የሚጠብቃት በሽታ የለም።

ክትባቱ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ሦስት ዙር ነው፤ በቀን ላስቀምጥልሽ። ከኅዳር 1 ስትቆጥሪ 6 ሳምንት ታኅሣሥ 13 ነው። 10 ሳምንት ጥር 11፣ 14 ሳምንት የካቲት 9። ከጥምቀት ብትጀምሪ ግን የመጀመሪያው የካቲት 23 ላይ ይወድቃል፣ ሦስተኛው ሚያዝያ 19። በዚያ ስሌት ልጅሽ የመጀመሪያውን የትክትክ መርፌ የምታገኘው በ16 ሳምንቷ ነው። በትክክለኛው ስሌት እኮ ያኔ ሦስቱንም ጨርሳለች።

ሮታን ለብቻው ልንገርሽ፣ ብዙ ሰው አያውቀውምና። ለተቅማጥ የሚሰጠው የአፍ ጠብታ ነው። ዕድሜ በጨመረ ቁጥር የመጀመሪያው ጠብታ አንጀት ወደ ራሱ እንዲገባ ሊያደርግ ይችላል የሚል ስጋት ስላለ፣ 15 ሳምንት ካለፈ ብዙ አገሮች አያስጀምሩትም። የ16 ሳምንቷን ልጅ ይዘሽ ብትሄጂ በእነሱ ደንብ አልፎሻል ማለት ነው። አንጀቷ ታሞ ወይም ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ከነበረ ግን ሮታን ከሕፃናት ሐኪሟ ጋር ተነጋገሪ።

አሁን ጤና ጣቢያ ላይ ሊያጋጥምሽ የሚችለውን ልንገርሽ። እኔ የሄድኩበት አንዷ ከታቢ ልጄን ገልጣ አይታ «ይቺማ ገና ናት፣ 3 ኪሎ ስትሆን አምጫት» አለችኝ። ከሆስፒታል የወጣንበትን ወረቀት አሳየኋት፤ «ከተወለደችበት ቀን ተቆጥሮ ይከተብ» የሚል ተጽፎበት ነበር። ኃላፊዋን ጠርታ ተነጋገሩና ከተቡልኝ። ስለዚህ ካርዱንና የመውጫ ወረቀቱን አብረሽ ያዢ። ልጅ ጤነኛ ከሆነች ኪሎዋ ምክንያት አይሆንም። የሚያስቆየው ዛሬ ከባድ ሕመም ወይም ኃይለኛ ትኩሳት ካለባት ነው። ሲሻላት ወዲያው ትወሰዳለች።

አንዳንድ እናቶች ደግሞ «ትንሽ ስለሆነች ግማሹን ስጧት» ሲሉ እሰማለሁ። አይሆንም። ጭን ላይ የሚወጋው መጠኑ ለሁሉም ሕፃን አንድ ነው፣ 0.5 ሚሊ ሊትር። የክትባት መርፌው ራሱ ከዚያ በላይ አይስብም። ግማሽ ከተሰጠ በበቂ አይከላከልም፣ እንደተሰጠም አይቆጠርም። የትክትኩ ክትባት ያለበት ፔንታ በአንዱ ጭን፣ የሳንባ ምቹ በሌላው ይወጋል። ሁለቱን ባንድ ቀን ማድረግ አይጎዳትም። ሲወጓት ጡት ስጫት፣ ልቅሶው ይቀንሳል።

ካርዱን ስትገልጪ የቲቢ ክትባቱ ቢሲጂ መሰጠቱን እዪ። ከ31 ሳምንት በፊት ለተወለዱት ብዙ ጊዜ ልጅቷ እስክትረጋጋ ይቆያል፣ ከዚያ ሆስፒታሉ ሊያስወጣ ሲል ይሰጣል፤ አንዳንዴ ይረሳል። ባዶ ከሆነ ታኅሣሥ 13 አብሮ እንዲሰጣት ጠይቂ። አንድ የቢሲጂ ብልቃጥ ለብዙ ልጅ የሚበቃ ነው፤ አንዴ ከተቀላቀለ በ6 ሰዓት ውስጥ ያልተጠቀሙበት ይደፋል። ስለዚህ ልጆች በሚሰበሰቡበት ቀን ብቻ የሚከፍቱ አሉ። ቀኑን ደውለሽ አረጋግጪ። ሲወለድ የሚሰጠው የፖሊዮ ጠብታ ካመለጣት አትጨነቂ፣ ከ6 ሳምንቱ ይቀጥላል።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ ያለብሽ ትንፋሿን ነው። ቀኗ ሳይደርስ የተወለደ ልጅ ከክትባት በኋላ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ትንፋሹን ሊያቋርጥ ይችላል። ይህ ይበልጥ የሚታየው በጣም ቀደም ብለው በተወለዱትና ሆስፒታል ሳሉ ትንፋሽ ያቋርጡ በነበሩት ላይ ነው። ልጅሽ እንደዚያ ነበረች? ከነበረች፣ በተለይ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከሆነ፣ ታኅሣሥ 13ን ሳታልፊ ሐኪሟን አማክሪና የመጀመሪያውን ክትባት ሆስፒታል ይስጧት፣ ተኝታም ይከታተሏት። ካልነበረች ቤት ሆነሽ ተከታተያት። እኔ ሦስቱን ሌሊት ከባለቤቴ ጋር በተራ ነቃን፤ አጋነንኩ መሰለኝ፣ ግን እንቅልፍም አልወሰደኝ። ትንፋሿ 20 ሰከንድ ካቆመ፣ ከንፈሯ ከጠቆረ፣ ከዛለች ወይም ጡት እምቢ ካለች በቀጥታ ሆስፒታል። ትንሽ ማልቀስና ጭኗ መቅላት የተለመደ ነው። ትኩሳቷ 38 ከደረሰ ለጤና ባለሙያ አሳያት፣ ፓራሲታሞልም በኪሎዋ ተሰልቶ ሲታዘዝ ብቻ ይሰጥ።

ለመከተብ ወደ ባሕር ዳር የምትመጪ ከሆነ ጀልባውን በጠዋት ያዢ፣ ከሰዓት ሐይቁ ይናወጣል። ልጅቷን ደረትሽ ላይ አስጠግተሽ ከላይ በጋቢ ሸፍኛት፣ አፍና አፍንጫዋ ግን ይታይ።

ሁለተኛው ዙር በጥምቀት ዕለት ዋለ አይደል? መደበኛ ክትባት በበዓል አይኖርም። ከበዓሉ በፊት ግን አትውሰጃት፣ በሁለቱ ዙር መካከል ቢያንስ 4 ሳምንት መሙላት አለበት። በዓሉ አልፎ ሥራ በተጀመረ በመጀመሪያው ቀን ውሰጃት፣ ሦስተኛውንም ከዚያ ቀን 4 ሳምንት ቆጥረሽ ካርዱ ላይ አስጽፊ። የ9 ወሩ የኩፍኝ ክትባትም እንዲሁ ከኅዳር 1 ነው፤ ነሐሴ 1 ይሆናል።