ሰንጠረዡ ላይ ያለው 6 ምኑ ነው?

ጥያቄ፦ «ሱቄ የሚገባውን ሰው በየቀኑ እየቆጠርኩ ለአንድ ወር ደብተር ላይ ስጽፍ ቆየሁ። የወንድሜ ልጅ ወስዶ በሰንጠረዥ ሠራልኝ። ግራ በኩል ‹ከ20 እስከ 29› ይላል፣ ቀኝ በኩል ‹6›። 6 ምኑ ነው? የቆጠርኩት ረዳት ልቅጠር ወይስ ይቅርብኝ እያልኩ ስላመነታሁ ነው። ከዚህ ወረቀት ምን አነባለሁ?»

መልስ፦ 6 የቀን ቁጥር ነው። በወሩ ውስጥ ከ20 እስከ 29 ሰው የገባባቸው ቀናት ስድስት ነበሩ ማለት ነው። የሱቅ ሒሳብ ስይዝ በኖርኩባቸው ዓመታት እዚህች ላይ ያልተደናገረ ነጋዴ ብዙም አላጋጠመኝም። የአንዱን ልንገርዎት።

ጋሼ ነው የምላቸው። ዕድሜ ልካቸውን ባንኮኒ ጀርባ የቆሙ ሰው ናቸው። የ30 ቀን ደብተራቸውን ወስጄ ይህን ሠርቼ ሰጠኋቸው።

| የሰው ብዛት | ድግግሞሽ |
|---|---|
| ከ20 እስከ 29 | 4 |
| ከ30 እስከ 39 | 13 |
| ከ40 እስከ 49 | 4 |
| ከ50 እስከ 59 | 1 |
| ከ60 እስከ 69 | 2 |
| ከ70 እስከ 79 | 6 |

መነጽራቸውን አስተካክለው አዩና ሳቁ። «ልጄ፣ 13 ሰውማ ገና ረፋድ ላይ ይገባልኛል!» አሉ። «ድግግሞሽ» የሚለው ቃል ምንም አልረዳቸውም። ጥፋቱ የኔ ነበር። የሚደጋገመው ምን እንደሆነ ቃሉ ብቻውን አይናገርም፤ «የቀን ብዛት» ብዬ ብጽፈው ይሻል ነበር።

ሰንጠረዡን ገለል አድርጌ ስድስት ባዶ ካርቶን ደረደርኩ። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ቁራጭ ወረቀት አዘጋጀን። ፊቱ ላይ የዕለቱን የሰው ብዛት፣ ጀርባው ላይ የዕለቱን ስም ጻፍን። 34 የሚለውን ሁለተኛው ካርቶን ውስጥ ጣሉት፣ 71 የሚለውን መጨረሻው ውስጥ። ሁሉም ሲያልቅ ሁለተኛውን ካርቶን ገልብጠው ቆጠሩ።

«13» አሉ።

«13 ምን?»

«13 ወረቀት ነዋ።»

«አንዱ ወረቀት ምን ነበር?»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ቀን!» ብለው ባንኮኒውን በመዳፋቸው መቱት።

ከዚህ በኋላ ሥራው ቀለለ። ጋሼ ብቻቸውን ሆነው በቀን እስከ 49 ሰው ያለ ችግር እንደሚያስተናግዱ ያውቃሉ። ከዚያ ካለፈ ሰልፍ ይበዛል፣ ተሰላችቶ የሚወጣም አለ። እንግዲህ ከ50 ጀምሮ ያሉትን ሦስት መስመሮች ይደምሩ፦ 1፣ 2 እና 6፣ ዘጠኝ ቀን። ረዳት ያስፈለጋቸው ከሠላሳው ቀን በዘጠኙ ብቻ ነበር። ወሩን ሙሉ የሚቆም ሰው ሊቀጥሩ ነበር እኮ!

እርስዎም እንዲህ ያድርጉ። መጀመሪያ «ብቻዬን ስንት ሰው እችላለሁ?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። ከዚያ ቁጥር በላይ ያሉትን መስመሮች የቀኝ ቁጥር ይደምሩ። የሚያገኙት ድምር የቀን ብዛት ነው።

አማካዩ ግን ጋሼን ሲያታልላቸው ኖሯል። ከሰንጠረዡ ሲሰላ በቀን ወደ 45 ሰው ይመጣል። «45ማ ከአቅሜ በታች ነው፤ ታዲያ ለምንድነው የምጨናነቀው?» ይሉ ነበር። ካርቶኖቹን አየናቸው። 45 የሚገኝበት ሦስተኛው ካርቶን ውስጥ ያሉት አራት ወረቀቶች ብቻ ናቸው። ክምሩ ሁለተኛው ላይ ከፍ ይላል፣ አራተኛው ላይ አንድ ወረቀት እስኪቀር ይወርዳል፣ መጨረሻው ላይ እንደገና ይነሳል። ሰንጠረዥ ሁለት ጉብታ ካሳየ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ቀን አንድ ላይ ተደባልቋል ማለት ነው። አማካዩ በሁለቱ መሃል ይወድቅና ለአንዱም ሳይሆን ይቀራል።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ካርቶኖች ወረቀት ገለበጥን። ከስምንቱ ሰባቱ ጀርባቸው ላይ ዓርብ ወይም ቅዳሜ ይላል። አንዱ ማክሰኞ ነው፤ ለካ የዚያን ቀን ጎረቤታቸው ያለው ሱቅ ዘግቶ ውሏል። የቀረችው አንዲት ቅዳሜ አራተኛው ካርቶን ውስጥ ተገኘች። ዝናቡ ሲወርድ የዋለበት ቀን ነበር።

ስለዚህ ሰንጠረዡን ለሁለት ከፈልነው። ለእያንዳንዱ መስመር የመሃሉን ቁጥር ወሰድን፤ ለምሳሌ ከ30 እስከ 39 ላለው 34.5። እሱን በቀኑ ብዛት አባዝተን ደመርን። ስምንቱ ዓርብና ቅዳሜ 566 ሰው ሆኑ፣ በቀን ወደ 71። የቀሩት 22 ቀናት 789 ሆኑ፣ በቀን ወደ 36። አንደኛው የሌላኛውን እጥፍ ያህል ነው። ጋሼ ረዳት ለዓርብና ለቅዳሜ ብቻ ቀጠሩ። የማክሰኞዋን ነገር ተዉአት፤ ጎረቤት መቼ እንደሚዘጋ ማን ያውቃል።

ይህ የመሃል ቁጥር ስሌት ግምት ነው። ወረቀቱ አንዴ ካርቶን ውስጥ ከገባ 31ም ይሁን 38 ሰንጠረዡ ለይቶ አያውቀውም። ደብተርዎ እጅዎ ላይ ካለ ትክክለኛውን አማካይ ከሱ ያውጡት። የዕለቱን ስምም ሰንጠረዡ ይጥለዋልና ደብተርዎ ላይ ከቀኑ ጎን ይጻፉት፤ እኛን የጠቀመን የወረቀቱ ጀርባ ነበር።

በሚቀጥለው ወር ጋሼ ራሳቸው ሠሩ። «ከ20 እስከ 30፣ ከ30 እስከ 40» ብለው ጻፉ። ወሩ 31 ቀን ነበረው፣ የቀኝ ዓምዳቸው ድምር ግን 33 መጣ። ልክ 30 እና ልክ 40 ሰው የገባባቸውን ሁለት ቀናት ሁለት ሁለት ቦታ ቆጥረዋቸዋል። እርስዎም የወንድምዎ ልጅ የሠራውን ቀኝ ዓምድ አሁኑኑ ይደምሩት። ከቆጠሩት ቀን ጋር እኩል ካልሆነ፣ ወይ አንድ ቀን ተዘሏል ወይ አንዱ ሁለት ጊዜ ገብቷል። ያን ሳያስተካክሉ ወደ ሌላው አይለፉ።

የመስመሮቹን ስፋትም ይመልከቱ። የጋሼን 30 ቀን ከ20 እስከ 49 እና ከ50 እስከ 79 ብዬ በሁለት መስመር ብቻ ብጽፈው ኖሮ 21 እና 9 ይሆን ነበር። ሁለተኛው ጉብታ ድምጥማጡ ይጠፋል። በሁለት በሁለት ሰው ብከፍለው ደግሞ ቀኖቹ በየመስመሩ ጥቂት ጥቂት ሆነው ይበታተኑና ቅርጽ አይኖረውም። ለአንድ ወር ቆጠራ አምስት ወይም ስድስት መስመር ጥሩ ነው።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ሰንጠረዡ የትኛው ቀን እንደሚበዛ እንጂ ሰዓቱን አይነግርዎትም። ጋሼም ረዳታቸውን መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ነበር የሚያስመጡት፤ ልጁ እጁን አጣጥፎ ይቆማል። ሕዝቡ ለካ ከሰዓት ነው የሚጎርፈው። እርስዎ በሚበዙብዎት ቀናት በየሰዓቱ ጭረት እያደረጉ ለሁለት ሳምንት ይቁጠሩ፣ አምስተኛዋን ጭረት በአራቱ ላይ አግድም ያስምሯት። ቤተሰብ አብሮ ሲገባ እንደ አንድ ይቆጥሩት ወይስ እንደ ሦስት፣ ከመጀመርዎ በፊት ይወስኑና እስከ መጨረሻው በዚያው ይሂዱ።