የሚንጣጣ ፓምፕ፣ መሳቢያ ቱቦና የቦታ ከፍታ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ካቪቴሽን፣ ማለትም ግፊት በማነሱ ፓምፑ ውስጥ ውኃው ፈልቶ የሚፈጠረው አረፋ ሲከስም ስለሚያደርሰው ጉዳት፣ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች በተራ እመልሳለሁ። አብዛኞቹ ጠያቂዎች የፓምፑን የፈረስ ጉልበት ሳይረሱ ይጽፉልኛል፤ ፓምፑ ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር ላይ እንደተተከለ የሚነግረኝ ግን ጥቂት ነው። በደጋ አገር ደግሞ ከጉልበቱ ይልቅ ከፍታው ስለሚወስን፣ የመጀመሪያው መልስ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ጥያቄ፦ ሆለታ አካባቢ አትክልት አለማለሁ። የፓምፑ መመሪያ እስከ 8 ሜትር ይስባል ይላል፤ እኔ ከወንዙ የምስበው 3 ሜትር ብቻ ነው። ታዲያ ቆሎ እንደሚቆላ ብረት ምጣድ የሚንጣጣው ለምንድን ነው? መሳቢያ ቱቦው 12 ሜትር ርዝመት፣ ሁለት ተኩል ኢንች ስፋት አለው፤ ሁለት ጎሚቶና ጫፉ ላይ ፉት ቫልቭ አለው። በሰዓት 30 ሜትር ኪዩብ እፈልጋለሁ፤ በዚያ ፍሰት ላይ የፓምፑ ሰንጠረዥ ኤን ፒ ኤስ ኤች 2.5 ሜትር ይላል።

መልስ፦ ሰንጠረዡን አብረው ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ፤ ያለ እሱ መልስ መስጠት አይቻልም ነበር። ኤን ፒ ኤስ ኤች ፓምፑ መግቢያው ላይ እንዲተርፍለት የሚፈልገው ግፊት ሲሆን በውኃ ቁመት ይለካል። መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል። ፓምፕ ውኃ አይስብም። ፓምፑ የሚያደርገው መግቢያው ላይ ያለውን ግፊት ዝቅ ማድረግ ብቻ ሲሆን፣ ውኃውን በቱቦው ወደ ላይ የሚገፋው ወንዙ ላይ የተጫነው አየር ነው። ይህ አየር በባሕር ወለል ላይ 10.3 ሜትር ያህል የውኃ ዓምድ መሸከም ይችላል፤ ሆለታ ባለችበት 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ግን አቅሙ ወደ 7.7 ሜትር ይወርዳል። እንግዲህ መመሪያው ላይ የተጻፈው 8 ሜትር በእርስዎ ማሳ ላይ ፍጹም ባዶ አየር ቢፈጠር እንኳ የማይደረስበት ቁጥር ነው።

አሁን ያለንን 7.7 ሜትር እንደ ገንዘብ ቆጥረን ወጪውን እንቀንስለት። ውኃው 20 ዲግሪ ቢሆን እንዳይፈላ 0.2 ሜትር ያህል ለራሱ ይይዛል። ከወንዙ እስከ ፓምፑ ያለው ቁመት 3 ሜትር ይወስዳል። የቀረው ወጪ የቱቦው ነው፤ እርስዎን የጎዳዎትም እሱ ነው። በሁለት ተኩል ኢንች ቱቦ በሰዓት 30 ሜትር ኪዩብ ሲያልፍ የውኃው ፍጥነት በሴኮንድ 2.5 ሜትር ይደርሳል፤ በዚያ ፍጥነት የቱቦው ርዝመት፣ ሁለቱ ጎሚቶዎችና ፉት ቫልቩ ተደምረው 2.8 ሜትር ያህል ይበላሉ። ለፓምፑ መግቢያ የሚተርፈው 1.7 ሜትር ብቻ ነው፤ ፓምፑ ግን 2.5 ይፈልጋል። ጉድለቱ በኢምፔለሩ፣ ማለትም ውኃውን በሚያሽከረክረው ባለ ክንፍ ጎማ፣ መግቢያ ላይ ውኃው በራሱ ሙቀት እንዲፈላ ያደርገዋል፤ የተፈጠረው የእንፋሎት አረፋ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ተጉዞ ግፊቱ ከፍ ወዳለበት ሲገባ በቅጽበት ይከስማል። የሚሰሙት መንጣጣት ይህ ነው። ያንኑ ፓምፕ ከነቱቦው ወስደው ባሕር ዳርቻ ላይ ቢተክሉት የሚተርፈው 4.3 ሜትር ስለሚሆን ያለ ችግር ይሠራ ነበር።

መፍትሔው ፓምፑን መቀየር አይደለም። መሳቢያ ቱቦውን 4 ኢንች ያድርጉት። የቱቦው ወጪ ከ2.8 ወደ 0.4 ሜትር ይወርድና የሚተርፍልዎት 4.1 ሜትር ይሆናል። ቱቦው ከወንዙ ወደ ፓምፑ ያለማቋረጥ ሽቅብ ይሂድ፤ መሃል ላይ ጉብ ካለ አየር ይቋጥራል። ከ4 ኢንች ወደ ፓምፑ አፍ የሚያጠብበው ሪዲውሰር አንድ ጎኑ ቀጥ ያለው ዓይነት ይሁን፤ ቀጥ ያለውን ጎን ወደ ላይ አድርገው ይግጠሙት፤ ምክንያቱ ያው የአየር ቋጠሮ ነው። ጎሚቶውን ከፓምፑ አፍ ጋር አያጣብቁት፤ በመካከላቸው ቢያንስ የቱቦውን ስፋት አምስት እጥፍ የሚያህል ቀጥ ያለ ቱቦ ያስገቡ።

ጥያቄ፦ እኔ ለሆለታው ወንድሜ የምለው አለኝ። ችግሩ የጉልበት ማነስ ነው፤ ሞተሩን ከፍ ያድርግ። ደግሞም የሚንጣጣው አየር ስለሚያስገባ ሊሆን ይችላል።

መልስ፦ ሁለተኛው ሐሳብዎ ትክክል ነው፤ የመጀመሪያው ግን ጉዳቱን ያባብሰዋል። ጠንካራ ሞተር ኢምፔለሩን በበለጠ ፍጥነት ካሽከረከረው ፍሰቱ ይጨምራል፤ ቱቦው የሚበላው በፍሰቱ ካሬ ስለሚያድግ የሚተርፈው ያንሳል፣ ፓምፑ የሚፈልገው ደግሞ ከፍ ይላል። ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳሉ ማለት ነው።

አየር የሚያስገባ ቱቦ ግን በእርግጥ ተመሳሳይ ድምፅ ያሰማል፤ ስለዚህ ቱቦ ከመግዛት በፊት መለየት ያስፈልጋል። ፓምፑ እየሠራ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ወፍራም የሳሙና አረፋ ይቀቡት። መሳቢያው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ስለሚያንስ አረፋው እንደ ጋዝ ቱቦ አይነፋም፤ ይልቁንም ወደ ውስጥ ሲሰረግ ያዩታል። ጓርኒሲዮኑ የደረቀ መጋጠሚያ እንዲህ ነው የሚታወቀው። ከዚያ በመግፊያው በኩል ያለውን ቫልቭ ቀስ ብለው ይዝጉት። ካቪቴሽን ከሆነ ፍሰቱ ሲቀንስ ድምፁ ይጠፋል፤ የሚገባው አየር ከሆነ ግን ድምፁ ብዙም አይለወጥም፣ አንዳንዴም ይብሳል።

ጥያቄ፦ የሆለታው ነኝ። እንዳሉት መግፊያውን ስዘጋው ድምፁ ጠፋ። መሳቢያው ላይ የቫኪዩም ጌጅ ገጠምኩ፤ ሙሉ ከፍቼው ሲንጣጣ 0.57 ባር ያነባል። እስከ 1 ባር 0.43 ይቀረኛል ማለት ነው፤ ታዲያ ምኑ ነው የጎደለው?

መልስ፦ ጌጁ ልክ ነው፤ የተሳሳተው የሚቆጥሩበት ጣሪያ ነው። በእርስዎ ቦታ የአየሩ ግፊት በሙሉ 0.76 ባር ያህል ስለሆነ የቀረዎት 0.19 ብቻ ነው። በውኃ ሲለካ 1.9 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የእንፋሎቱን ቀንሰን ውኃው በፍጥነቱ የያዘውን ስንጨምርበት ወደ 2 ሜትር እንመጣለን። እኔ ያሰላሁት 1.7 ነበር፤ ልዩነቱ የመጣው ፓምፑ ሲታመም ፍሰቱ ከ30 በታች ስለወረደ ነው ብዬ አምናለሁ። ያም ሆኖ ከ2.5 በታች ነው። መግፊያውን ዘግተው ፍሰቱን ወደ 20 ሜትር ኪዩብ ሲያወርዱት የቱቦው ወጪ ወደ 1.2 ሜትር ይወርድና 3.3 ሜትር ያህል ይተርፍዎታል፤ ድምፁ የጠፋው ለዚህ ነው። ቱቦው እስኪቀየር ድረስ በዚሁ ያጠጡ።

ጥያቄ፦ እኔም እንዲሁ ሲጮህብኝ የመሳቢያውን ቫልቭ ትንሽ ዘግቼ ሠራሁ፤ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፤ ዛሬውኑ ሙሉ በሙሉ ይክፈቱት። መሳቢያውን መዝጋት ከሌለ ግፊት ላይ መቀነስ ነው። እንዲህ ለወራት የሠራ ፓምፕ ፈትቼ አይቻለሁ፤ የኢምፔለሩ ክንፎች መግቢያቸው ላይ እንደ እንጀራ ዓይን ተበሳስተው፣ በጣት ሲዳሰሱ እንደ ሞረድ ይቧጥጡ ነበር፤ ኩሽኔታውና ሲሉም ከንዝረቱ የተነሣ አብረው ሄደዋል።

ጥያቄ፦ ዴንቨር ውስጥ በአንድ ሕንፃ የማሞቂያ ክፍል እሠራለሁ። እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ውኃ ሲሆን የሚሰበሰብበት ክፍት የኮንደንሴት ታንክ አለን፤ ፓምፑ ከሥሩ ስለሆነ የሚስበው ነገር የለም። ባለፈው ክረምት ዝም ያለ ነበር፤ ዘንድሮ ይንጣጣል። ከፍታው ነው?

መልስ፦ ከፍታው ከሆነ ባለፈው ክረምትም በተንጣጣ ነበር፤ ሕንፃው ከቦታው አልተነሣም። ወደ መፍያው የተጠጋ ውኃ ሲሆን ሒሳቡ ሌላ ነው። አየሩ ከላይ የሚገፋውን ያህል የውኃው እንፋሎት መልሶ ስለሚገፋ ሁለቱ ይጣፋሉ፤ ለፓምፑ የሚቀርለት የታንኩ ውኃ ከእሱ በላይ ያለው ቁመት ብቻ ነው፣ ከዚያም ላይ ቱቦው ይቀነሳል። የውኃው ቁመት 2 ሜትር፣ የቱቦው ወጪ ግማሽ ሜትር ቢሆን በእጅዎ ያለው 1.5 ሜትር ነው። ውኃው 85 ዲግሪ ቢሆን ግን በዴንቨር ከፍታ ላይ በዚያ ላይ 2.7 ሜትር ያህል ይጨመርለታል።

ስለዚህ ቴርሞሜትር ይዘው የታንኩን ሙቀት ይለኩ። ዘንድሮ ወደ 95 ተጠግቶ ካገኙት፣ ኮንደንሴቱን አሳልፈው እንፋሎቱን ከሚያግዱት ስቲም ትራፖች አንዱ ወይም ከዚያ በላይ ክፍት ሆኖ ቀርቶ ሕያው እንፋሎት ወደ ታንኩ እየለቀቀ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ያን ጊዜ ጥገናው ከፓምፑ ሳይሆን ከትራፖቹ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ ሰንጠረዡ 2.5 ካለ 2.6 ቢኖረኝ በቂ አይደለም ወይ? ቁጥር ቁጥር ነው።

መልስ፦ ያ ቁጥር ፓምፑ ጤነኛ የሚሆንበት ወሰን አይደለም። በአምራቾች መፈተኛ መግቢያው ላይ ያለው ግፊት ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ይሄድና ፓምፑ የሚያነሣው ቁመት 3 በመቶ ሲወርድ የተመዘገበው ነው። እዚያ ነጥብ ላይ አረፋው ከጀመረ ቆይቷል። ለቀዝቃዛ ውኃ እኔ ቢያንስ 1 ሜትር ትርፍ ካላየሁ አልፈርምም፤ ግማሽ ሜትር ይበቃል የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ ለትንሽ ፓምፕ አልከራከራቸውም። ፉት ቫልቩ ላይ ቅጠል የሚሰበሰብበት ወንዝ ከሆነ ግን ግማሹን ሜትር ወንፊቱ ብቻውን ይበላዋል።

ጥያቄ፦ የጉድጓድ ሰርጓጅ ፓምፔ ሁለት ጊዜ ተቃጠለ። ካቪቴሽን ይሆን?

መልስ፦ ከውኃ በታች የሚሠራ ፓምፕ የሚያነሣው የመሳቢያ ቁመት የለውም፤ የጉድጓዱ ውኃ እየሠራ ሳለ እስከ ፓምፑ መግቢያ ካልወረደ በስተቀር ካቪቴሽን የመጀመሪያ ጥርጣሬዬ አይሆንም። ለተቃጠለ ሞተር ቮልቴጁንና የሦስቱን ፌዝ አምፔር ያስለኩ።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ መሳቢያው ሰፊ ነው፣ ታንኩም ከፓምፑ በላይ ነው፤ ትርፉ ከ4 ሜትር አያንስም። ግን ኢምፔለሩ ተበሳስቷል፤ የተበላውም ዘወትር ከሚባለው ፊት ሳይሆን በክንፉ በሌላኛው፣ ውኃውን በሚገፋው ፊት ነው።

መልስ፦ ይህን በማየትዎ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው ኢምፔለሩን ጥሎ አዲስ ይገዛል እንጂ የትኛው ፊት እንደተበላ አያይም። የተለመደው የግፊት እጥረት የሚበላው የማይገፋውን ፊት፣ ከመግቢያው ጥቂት ገባ ብሎ ነው። የሚገፋው ፊት ከመግቢያው አጠገብ ሲበላ ግን ፓምፑ ከተሠራለት ፍሰት እጅግ ባነሰ ፍሰት እየሠራ፣ ውኃው መግቢያው ላይ ወደ ኋላ እየተሽከረከረ እንደሆነ እገምታለሁ። ያን ጊዜ መሳቢያውን ማስፋት አይጠቅምም፤ የፍሰቱ የተወሰነ ክፍል ወደ ታንኩ እንዲመለስ ማድረግ ወይም ትንሽ ፓምፕ መትከል ነው የሚሻለው። ነገር ግን አሸዋ ያለበት ውኃም ተመሳሳይ ፊት ሊያደክም ስለሚችል ከዚህ አልፌ ለመናገር አልደፍርም። ፓምፑ በቀን ስንት ሰዓት፣ በምን ያህል ፍሰት እንደሚሠራ፣ እንዲሁም የተበላው ገጽ በቀዳዳ የተሞላ ይሁን ወይም ተፍቆ የለሰለሰ ይጻፉልኝ።