«ሳንባ» የሚለውን ቃል አይተሽ አትመልሺ

ጥያቄ፦ «እህታችሁ የሦስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነኝ። ወደፊት ፓቶሎጂ ስፔሻላይዝ ማድረግ እፈልጋለሁ፤ ግን የኔክሮሲስ ጥያቄ በመጣ ቁጥር እሳሳታለሁ። ሳንባ ካለ ኬሲየስ፣ ኩላሊት ካለ ኮአጉሌቲቭ፣ አንጎል ካለ ሊክዊፋክቲቭ እያልኩ ነው የምመልሰው። የምስተው የቱ ላይ ነው?»

መልስ፦ እህቴ፣ የምትስችው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ሕዋሶቹን ምን እንደገደላቸው ፈልጊ፦ የደም መቋረጥ ነው፣ መግል የሚያመጣ ባክቴሪያ ነው ወይስ ቲቢ? መግል ከሆነ የትም ቦታ ቢሆን ሊክዊፋክቲቭ ነው። ቲቢ ከሆነ የትም ቢሆን በመጀመሪያ ኬሲየስን አስቢ። የኦርጋኑ ስም መልሱን የሚቀይረው ምክንያቱ የደም መቋረጥ ሲሆን ነው፤ ያኔም የምትጠይቂው «አንጎል ነው ወይስ ሌላ?» ብለሽ ብቻ ነው።

አንድ ጥያቄ አብረን እንሥራ። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ያለባቸው የ68 ዓመት ሴት በድንገት ቀኝ እጅና እግራቸው ዛለ፣ መናገርም አቃታቸው። በዚያው ቀን የግራ ጎናቸውን አመማቸው፣ ሽንታቸውም ደም ቀላቀለ። በ12ኛው ቀን አረፉ። የግራ ኩላሊታቸውና የአንጎላቸው የሞተ ክፍል ምን ዓይነት ኔክሮሲስ ያሳያሉ?

ምክንያቱ ለሁለቱም አንድ ነው፦ ከልብ ግራ ክፍል ተነስቶ የሄደ የረጋ ደም የደም ሥር ዘግቷል። ትኩሳት የለም፣ ባክቴሪያ የለም። ስለዚህ አሁን ወደ ኦርጋኑ እንሂድ።

ኩላሊቱ ላይ የነጣ፣ ጠንከር ያለ፣ እንደ ሽብልቅ የተሾለ ክፍል ታያለሽ፤ ሰፊው ጎኑ ከላይኛው ሽፋን በኩል፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ነው። ማይክሮስኮፕ ሥር መሃሉን ስታዪ ግሎሜሩሉሱና ቱቡሉ ቅርጻቸው አለ፤ ሮዝ ሆነዋል፣ ኑክሊየስ ግን የላቸውም። ቤቱ ቆሞ ሰዎቹ የሌሉበት መንደር ይመስላል። ይህ የሚሆነው ጉዳቱ የመዋቅር ፕሮቲኖችን ብቻ ሳይሆን ሕዋሱ ራሱን የሚፈጭባቸውን ኤንዛይሞችም ስለሚያበላሽ ነው። የሞተው ሕዋስ ነጭ የደም ሕዋሳት መጥተው እስኪያነሱት ድረስ ባለበት ይቆያል። መልሱ ኮአጉሌቲቭ ነው። ልብና ጣፊያም እንዲሁ ናቸው።

አንጎሉ ላይ ግን ቅርጽ አትፈልጊ። ደጋፊ ኮላጅን እጅግ ጥቂት፣ ስብ ግን ብዙ ነው። ማይክሮግሊያና ከደም የሚመጡ ማክሮፌጆች የሞተውን ይፈጩታል፤ ስቡን ውጠው አረፋ የመሰሉ ሕዋሶች ይሆናሉ። ከ10ኛው ቀን አንስቶ እስከ ሦስተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ቦታው እየፈሰሰ ፈሳሽ ወደ ሞላው ጎድጓዳ ይለወጣል። መልሱ ሊክዊፋክቲቭ ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቂ፦ ጥያቄው «ከስትሮኩ 24 ሰዓት በኋላ» ካለ ገና ፈሳሽ የለም። የሚታየው ኑክሊየሳቸው የተጨማደደ ቀያይ ነርቭ ሕዋሶች ነው። ፈሳሽ ስላልተጠቀሰ ብቻ ኮአጉሌቲቭ ብለሽ አትመልሺ።

አሁን ምክንያቱን እንቀይረው። ያው ኩላሊት ላይ የደረሰው የረጋ ደም ከኢንዶካርዳይተስ ቫልቭ የመጣና ባክቴሪያ የተሸከመ ቢሆን፣ በሽብልቁ ውስጥ ኒውትሮፊል ይሞላል፣ መግልም ይቋጥራል፤ ወደ ሊክዊፋክቲቭ ዞረ ማለት ነው። ያው ኩላሊት ቲቢ ቢይዘው ኬሲየስ ይሆናል፤ በአንጎል የሚበቅል የቲቢ እብጠትም እንዲሁ። ሳንባም ሦስቱንም ይቀበላል። ከእግር የመጣ የረጋ ደም የዘጋው ቀይ ሽብልቅ ኮአጉሌቲቭ ነው፤ ቀይ የሆነው ሳንባ ሁለት የደም ምንጭ ስላለውና ደም ስለሚፈስበት ነው። የሚሸት አክታና በኤክስሬይ ላይ የአየርና የፈሳሽ መስመር ያለው ጎድጓዳ ደግሞ ሊክዊፋክቲቭ ነው።

ብዙ ተማሪ የሚወድቀው ኬሲየስና ኮአጉሌቲቭ ላይ ነው፤ ሁለቱም በስላይድ ላይ ሮዝ ናቸውና። የሚለያቸው የቀድሞው ቅርጽ ነው። በኬሲየስ ምንም ዓይነት የሕዋስ ድንበር አይቀርም፤ የደቀቀ፣ አሸዋማ ሮዝ ነገር ብቻ ነው። ዙሪያውን ኤፒተሊዮይድ ማክሮፌጆች፣ ላንግሃንስ ግዙፍ ሕዋሶችና ሊምፎሳይቶች ከበው ግራኑሎማ ይሠራሉ። ስሙ የመጣው በዓይን ሲታይ ከሚፈረፈር አይብ ጋር ስለሚመሳሰል ነው። ጥያቄው «አይብ የመሰለ» ብሎ ከሰጠሽ ነጥቡን አትለፊው፤ ግን ሂስቶፕላዝማን የመሰሉ ፈንገሶችም ይህንኑ መልክ ስለሚሰጡ ኬሲየስ ማለት ቲቢ ተረጋገጠ ማለት አይደለም።

ወደ ሙያው ስትገቢ ይህ ልዩነት ሪፖርትሽ ላይ ይመጣል። ከአንገት እጢ የተወሰደ ናሙና ይህን ሲያሳይ ብዙ ፓቶሎጂስት «ኔክሮታይዚንግ ግራኑሎማተስ ኢንፍላሜሽን» ብሎ ይጽፍና ለቲቢ ባክቴሪያ የዚል-ኒልሰን፣ ለፈንገስ የጂኤምኤስ ወይም የፓስ ቀለም ያዛል። ቀለሙ ባክቴሪያ ባያሳይም ቲቢን አያስቀርም፤ በጥቂቱ ሲገኙ ቀለሙ በቀላሉ ያልፋቸዋል፤ ስለዚህ ካልቸር ወይም ፒሲአር ይታከልበታል። ከዛሬ ጀምሮ በምትሠሪው ጥያቄ ላይ ከኦርጋኑ ስም በፊት ገዳዩን በእርሳስ አስምሪበት፤ ምርጫዎቹን የምታነቢው ከዚያ በኋላ ይሁን።