አንድ ጨዋታ ቮይድ ሲሆን ትኬቱ ስንት ይከፍላል?

ጥያቄ፦ አራት ጨዋታ በአንድ ትኬት በ100 ብር ቆረጥኩ። ኦዶቹ 1.80፣ 2.10፣ 1.50 እና 2.40 ናቸው። ትኬቱ ላይ 1,360.80 ብር ይላል። ሁለተኛው ጨዋታ ተራዝሞ ቮይድ ሆነ፤ ሦስቱ ገቡ። እኔ አንድ አራተኛው ተቀንሶ 1,020.60 ይደርሰኛል ብዬ ነበር፤ የተከፈለኝ ግን 648 ብር ነው። ተበልቻለሁ?

መልስ፦ አልተበሉም፤ 648 ትክክል ነው። ቮይድ የሆነ ጨዋታ ኦዱ 1.00 ይሆናል፤ ማባዛቱ ግን እንዳለ ይቀጥላል። 1.80 × 1.00 × 1.50 × 2.40 = 6.48 ነው። በ100 ብር ሲባዛ 648 ይሆናል። ከዚህ ውስጥ 100ው የራስዎ ገንዘብ ስለሆነ ትርፍዎ 548 ብር ነው።

አንድ አራተኛ መቀነስ የማያስኬደው 100 ብሩ በየጨዋታው 25፣ 25 ስላልተከፋፈለ ነው። ገንዘቡ በሙሉ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ይንከባለላል። ከመጀመሪያው ጨዋታ 180 ሆኖ ወጣ፤ ሁለተኛው ሲሰረዝ ያው 180 ሳይጨምር ሳይቀንስ አለፈ፤ በሦስተኛው 270፣ በአራተኛው 648 ሆነ። ያጡት 180ውን በ2.10 የማባዛት ዕድል ነው።

ስለዚህ የሚቀንሰው መጠን በየትኛው ጨዋታ መሰረዝ ይወሰናል። አቋራጩ መንገድ ትኬቱ ላይ ያለውን ክፍያ በተሰረዘው ኦድ ማካፈል ነው፤ 1,360.80 ÷ 2.10 = 648። የተሰረዘው ባለ 1.50ው ቢሆን ኖሮ 907.20 ያገኙ ነበር፤ ባለ 2.40ው ቢሆን ደግሞ 567 ብቻ። ብዙ ሰው ግን ከጠቅላላው ኦድ ላይ 2.10ን ይቀንሳል፤ ያ 11.51 ገደማ ስለሚሰጥ ከአንድ ሺህ ብር በላይ ያስጠብቃል። ጠቅላላ ኦዱ ትኬቱ ላይ ተጠጋግቶ 13.61 ተብሎ ከታተመና ከዚያ ተነስተው ካሰቡ የጥቂት ሳንቲም ልዩነት ቢያዩ አይደንግጡ።

ትኬትዎ የጨዋታ ብዛት ቦነስ ካለው ግን ልዩነቱ ከዚህ ሊሰፋ ይችላል። ቦነሱ ከአራት ጨዋታ ጀምሮ የሚሰጥ ከሆነና ደንቡ ቮይዱን ካልቆጠረ፣ የቀሩት ሦስት ስለሆኑ ቦነሱ ይጠፋል። ከአሸናፊነት ላይ የሚቆረጥ ግብር ካለም የሚሰላው በአዲሱ ክፍያ እንጂ ትኬቱ ላይ በታተመው 1,360.80 አይደለም።

መከራከር ካለብዎት መከራከሪያው ስሌቱ ላይ ሳይሆን ስረዛው ላይ ነው። የተራዘመ ጨዋታ ስንት ሰዓት እንደሚጠበቅ የድርጅቱ ደንብ ይናገራል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከተካሄደ ቮይድ መባል አልነበረበትም። ጨዋታው ተጀምሮ የተቋረጠ ከሆነ ደግሞ ውርርድዎ ምን ላይ እንደነበር ይዩ። ለምሳሌ በመጀመሪያው አጋማሽ ውጤት ላይ ከነበረና አጋማሹ ካለቀ በኋላ ከተቋረጠ፣ ብዙ ድርጅቶች በተገኘው ውጤት ይከፍላሉ። እንዲህ ከሆነ ትኬቱን ይዘው ይጠይቁ።