የአየር ወይስ የፈሳሽ ማቀዝቀዣ?

«ፕሮሰሰሬ 65 ዋት ነው፤ ኬዙ እስከ 160 ሚሊሜትር ቁመት ያለው ማቀዝቀዣ ይችላል። ድምፅ አልወድም፤ የአየሩን ልግዛ የፈሳሹን?»

የአየሩን ግዛ። በ65 ዋት ፋኑ ቀስ ብሎ ስለሚዞር ብዙም አይሰማም። የፈሳሹ ግን ኮምፒውተሩ ሥራ ፈትቶ ቢቀመጥም ፓምፑ አያርፍም፤ ሌሊት ክፍሉ ጭር ሲል ቀጭን እዝዝታው ይለይልሃል።

የአየሩ ጥገናም አቧራ ማራገፍ ብቻ ነው። ፋኑ ቢበላሽ እሱኑ ትቀይራለህ፤ ፓምፑ ከሞተ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ዕቃውን መጣል ነው።

ቁመት ላይ ግን እኔ የተሸወድኩትን አትሸወድ። ኬዜ እንዳንተው 160 ነበር፣ የገዛሁት ማቀዝቀዣ 155። ራሞቼ ባለረጅም ክዳን ስለነበሩ የፊቱን ፋን 8 ሚሊሜትር ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት፤ 163 ሆነና የጎኑ ክዳን አልገጥም አለ። ስለዚህ ከመክፈልህ በፊት የራምህን ቁመት ለካና ፋኑ ከሥሩ ከሚተወው ክፍተት ጋር አስተያየው።