ከተላጩ በኋላ አንገት ላይ የሚወጣ እብጠት፦ ጥፋቱ የፀጉሩ ነው ወይስ የጠርሙሱ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 28 ነው። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባንክ ውስጥ ስለምሠራ በየቀኑ ጠዋት እላጫለሁ። ፂሜ ጠንካራና ጥቅልል ነው። አንገቴ ላይ ብጉር የመሰለ ነገር ወጥቶ አልጠፋ ብሎኛል፤ ቦታውም እየጠቆረ ነው። ጀርም ይገድላል ብለውኝ በጣም የሚያቃጥል አፍተርሼቭ እቀባለሁ፤ ባሰብኝ እንጂ አልተሻለኝም። ምን ዓይነት የመላጫ ክሬም፣ አፍተርሼቭና ማስታገሻ ቅባት ልግዛ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። አፍተርሼቩን ከዛሬ ጀምረው ያቁሙት። እንደገለጹት ከሆነ አንገትዎ ላይ የወጣው ጀርም ያመጣው ብጉር ሳይሆን ተመልሶ ቆዳ ውስጥ የገባ የራስዎ ፀጉር ሊሆን ይችላል። ጥቅልል ፀጉር ቆዳው ውስጥ እያለም የታጠፈ ነው። በምላጭ ሲቆረጥ ጫፉ ይሾላል፤ ትንሽ አደግ ሲል ዞሮ ከወጣበት አጠገብ ቆዳውን ወግቶ ይገባል። ሰውነትም እንደ እሾህ ስለሚቆጥረው ዙሪያው ይቀላል፣ ያብጣል፣ አንዳንዴም መግል ይይዛል። ቆዳዎን በእጅዎ ወጥረው፣ ወይም ሁለትና ሦስት ስለት ባለው መላጫ አጥብቀው ሲላጩ ደግሞ ፀጉሩ ከቆዳው ወለል በታች ይቆረጣል። ያን ጊዜ ወደ ውጭ ሳይወጣ እዚያው ውስጥ ጎን ለጎን ይወጋል። አልኮል ጀርም ይገድል እንደሆነ እንጂ የገባ ፀጉር አያወጣም። በቆሰለ ቆዳ ላይ ሲፈስ ደግሞ ቁጣውን ይጨምራል፤ በጥቁር ቆዳ ላይ የተቆጣ ቦታ ሲድን ብዙውን ጊዜ ጥቁር ምልክት ይተዋል።

አዲስ ነገር ከመግዛትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ችግሩ የሚጀምርበትን ሰዓት። የሚያስቸግርዎት የተቀቡት ነገር ይሁን ፀጉሩ፣ ከሰዓቱ ይለያል። ፊትዎ እንደተቀቡ ወዲያው ወይም በደቂቃዎች ውስጥ የሚያቃጥልና የሚቀላ ከሆነ፣ በውስጡ ያለው አልኮል ወይም ሜንቶል እየቆጠቆጠው ነው። ከተቀቡ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ የሚያሳክክ፣ የሚሰነጣጠቅና የሚላላጥ ከሆነ፣ በተለይም ፂም ወደሌለበት ቦታ ከተስፋፋ፣ አለርጂ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ተጠርጣሪው ሽቶው ነው። ከተላጩ በአንድ ወይም ሁለት ቀን ውስጥ አንድ አንድ እያለ፣ በተለይ ከአገጭ በታችና በአንገት ላይ፣ ጠጠር ያለ እብጠት ከወጣና በመስታወት ቀረብ ብለው ሲያዩ መሐሉ ላይ ወይም ጎኑ ላይ ጥቁር ነጥብ ወይም ቀለበት የሠራ ፀጉር ከታየዎ ጥፋቱ የፀጉሩ ነው። እንዲህ ከሆነ ክሬም መቀያየር ብቻውን አይፈታውም። የተቀቡት ነገርና ፀጉሩ አብረው ሲያስቸግሩም ይታያል፤ የእርስዎም ሁኔታ ወደዚያ ያዘነብላል።

አሁን ስለ መላጫ ክሬሙ። የክሬም ዋና ሥራ ውሃ ፀጉሩ ውስጥ እንዲቆይ ማድረግና ስለቱ ቆዳውን ሳይቧጭር እንዲንሸራተት መርዳት ነው። ጠንካራ ፀጉር ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፤ በትንሽ ኃይልም ይቆረጣል። ስለዚህ የአረፋው ብዛት አያታልልዎት። በቆርቆሮ ታሽጎ ቱፍ ብሎ የሚወጣው አረፋ አብዛኛው አየር ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል። ለእርስዎ የሚሻለው በቱቦ የሚሸጠው ወፈር ያለ ክሬም ወይም ጄል ነው። በማሸጊያው ጀርባ የተጻፉት ንጥረ ነገሮች ብዙ መጠን ካለው ወደ ጥቂቱ ነው የሚደረደሩት፤ ስለዚህ ግሊሰሪን ከመጀመሪያዎቹ አምስት ውስጥ መኖሩን ይዩ። ሽቶ፣ ሜንቶል፣ ካምፎርና ፔፐርሚንት ከተጻፈበት ይተዉት። ቀዝቀዝ የሚያደርገው ስሜት የሚያስደስት ቢሆንም ቆዳው እየተቧጨረ እንዳይታወቅዎት ያደርጋል። የገላ ሳሙና ደግሞ ቶሎ ይደርቃል፣ የቆዳን ቅባትም ጠርጎ ይወስዳል፤ በበጋ ደረቅ አየር ይህ በደንብ ይሰማል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ማሸጊያው ላይ አልኮል የሚል ቃል ሲያዩ ሁሉንም አይጣሉ። ሴቲል አልኮል፣ ስቴሪል አልኮልና ሴቴሪል አልኮል የሚባሉት ስማቸው አልኮል ይሁን እንጂ ቅባት ናቸው፤ ቆዳን ያለሰልሳሉ፣ ክሬሙንም ያወፍራሉ። የሚያቃጥለው ኢታኖል፣ አልኮል ዲናት ወይም አይሶፕሮፒል አልኮል የሚባለው ነው። ይህ በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ከሆነ ጠርሙሱን ወደ መደርደሪያው ይመልሱት።

አቀባቡም እንደ ዕቃው ምርጫ ያህል ይጠቅማል። ፊትዎን ለብ ባለ ውሃ አርሰው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ያቆዩት። ውሃ በሚጠፋበት ቀን ንጹሕ ፎጣ በለብታ ውሃ ነክሮ፣ ጨምቆ ፂሙ ላይ ማሳረፍ ይበቃል፤ አንድ ጆግ ውሃ ለሁሉም ይሆናል። ከዚያ የባቄላ ፍሬ የሚያክል ክሬም በእርጥብ እጅ ወደ ፀጉሩ አቅጣጫ ተቃራኒ እያሹ ይቀቡ፤ እንዲህ ሲያሹ የተኛው ፀጉር ይነሳል። ሌላ 2 ወይም 3 ደቂቃ ይቆዩ፤ ደረቅ ካለብዎ ውሃ ጠብ ያድርጉበት። ሲላጩ ግን ፀጉሩ በሚያድግበት አቅጣጫ ብቻ ይሁን። አንገት ላይ አቅጣጫው ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ሳይላጩ በፊት በጣትዎ ዳስሰው ይለዩት፤ የማይሻክረው አቅጣጫ እሱ ነው። አንድ ስለት ያለው መላጫ ይጠቀሙ፣ ቆዳውን አይወጥሩ፣ በአንድ ቦታ ላይ ከሁለት ጊዜ በላይ አይመላለሱ። ሲጨርሱ ለስላሳ አልሆነም ብለው አይጨነቁ፤ እንዲያውም በእጅ ሲነካ ትንሽ መሻከሩ ነው የሚጠበቀው። የሚሻለው ከተቻለ ምላጩን ትቶ በቶንዶስ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ማስቀረት ነው፤ ከሩቅ የተላጨ ይመስላል፣ ፀጉሩም ከቆዳው ወለል በታች አይቆረጥም። ባንክ ቤትም በዚህ ቅር የሚሰኝ አይመስለኝም፤ ካስፈለገ የሐኪም ወረቀት ይጻፍልዎታል።

ከተላጩ በኋላ ክሬሙን በቀዝቃዛ ውሃ በደንብ ያጥቡት፤ በጎን የሚቀረው ትራፊም ቆዳ ይቆጠቁጣል። በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ፎጣ 5 ደቂቃ አንገትዎ ላይ ያኑሩ። ከዚያ ቆዳው ገና እርጥብ እያለ አልኮልና ሽቶ የሌለው የአፍተርሼቭ ባልም ወይም ተራ የፊት ክሬም ይቀቡ። ግሊሰሪን፣ ፓንቴኖል፣ አላንቶይን ወይም ኒያሲናማይድ ያለበት ይመረጣል። ባልም ካጡ ከፋርማሲ የሚገዛው ግሊሰሪንም ይሠራል፤ ነገር ግን እንዳለ አይቀቡት። 2 ወይም 3 ጠብታ በእርጥብ መዳፍዎ ላይ ከውሃ ጋር ያዋህዱና ይቀቡ። ግሊሰሪን ውሃ የሚስብ ነገር ስለሆነ ብቻውን በደረቅ ቆዳ ላይ ሲሆን ከቆዳው ይስባል፤ ያጣብቃልም።

ሰው ከሚመክራቸው ነገሮች መካከል ሎሚን በፊትዎ ላይ በጭራሽ አይሞክሩ። የሎሚ ጭማቂ ከተቀቡ በኋላ ፀሐይ ሲያገኝዎ ቆዳ ሊያቃጥልና ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ሊያስቀር ይችላል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ከተማ ስለሆነ ፀሐዩ ከቆላው ይልቅ ቆዳን ይጎዳል። ዲቶልም ለፊት አይሆንም። እሬት ደግሞ ትኩሱ ሲቆረጥ የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ስለሚቆጠቁጥ፣ ከተጠቀሙም ፈሳሹ ተንጠፍጥፎ የጠራው ውስጡ ብቻ መሆን አለበት።

ከሁሉም በላይ ግን የሚያሳስበኝ ማስታገሻ ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛው የስቴሮይድ ቅባት ነው። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታዞል የሚል ከተጻፈበት ለፂም ቦታ አይጠቀሙ። በሁለት ቀን ውስጥ እብጠቱን ስለሚያቀልል ሰው ይወደዋል፤ ሲያቆሙት ግን ይባስ ብሎ ይመለሳል። ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ቆዳው ይሳሳል፣ ቀለሙ ይለወጣል፣ እውነተኛ ብጉርም ያስከትላል። በጣም ሲቀላና ሲያሳክክ ደካማ የሆነው ሃይድሮኮርቲዞን 1 በመቶ በቀጭኑ፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ ከ5 እስከ 7 ቀን ብቻ ይበቃል።

ፀጉሩ እንዳይገባ የሚከላከለው ማታ ማታ የሚቀባው መድኃኒት ነው። አዳፓሊን 0.1 በመቶ ወይም ሳሊሲሊክ አሲድ 2 በመቶ ቀዳዳውን የሚዘጋውን የሞተ ቆዳ ይቀንሳል። ሁለቱን በአንድ ላይ አይጀምሩ። አንዱን መርጠው ለመላው አንገት የአተር ፍሬ የሚያክል በመጀመሪያው ሁለት ሳምንት አንድ ቀን እያለፉ ይቀቡ፤ በምላጭ በተላጩበት ቀን ማታ ግን ይዝለሉት፣ ያቃጥላል። ለውጡ በሳምንት አይታይም፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይጠብቁ። በዚህ ጊዜ ጠዋት የፀሐይ መከላከያ ክሬም ካልተቀቡ ጥቁሩ ምልክት ቶሎ አይለቅም።

አዲስ ክሬም ወይም ባልም ሲገዙ በመጀመሪያው ቀን ፊትዎን አይቀቡት። በክንድዎ የውስጥ ክፍል፣ በተመሳሳይ ቦታ በቀን ሁለት ጊዜ ለ7 ቀን ይቀቡ። ካላሳከከና ካልቀላ ለፊት ይሆናል። የመላጫ ክሬም ከሆነ ከ5 ደቂቃ በኋላ ያጥቡት፤ ታጥቦ የሚሄድ ነገር ቆዳ ላይ ውሎ እንዲያድር አልተሠራም።

አሁን ያሉት እብጠቶች ግን ከሁሉ በፊት እረፍት ይፈልጋሉ። የሚቻል ከሆነ ለ4 ሳምንት ምላጭ አያስነኩት፤ በቶንዶስ ብቻ ያሳጥሩ። በመጀመሪያው ሳምንት የገቡት ፀጉሮች ስለሚያድጉ የባሰብዎ ሊመስልዎ ይችላል፤ ይህ ይጠበቃል። ከዚያ በኋላ ፀጉሩ ሲረዝም ብዙው ራሱ ተፈትቶ ይወጣል። ቀለበት ሠርቶ ከላይ የሚታየውን በአልኮል በተጠረገ መርፌ ከሥሩ ቀስ ብለው ያንሱት፤ ጫፉ ነፃ ሲወጣ ይተዉት። በወረንጦ አይንቀሉት፣ አይጭመቁትም፤ የተነቀለው ፀጉር ተመልሶ ሲያድግ ከቆዳው በታች ይወጋል። ምላጭም ለብቻዎ ይሁን፤ ፀጉር ቤት ከተላጩ አዲስ ምላጭ እርስዎ ፊት ሲፈታ ይዩ፤ ሄፓታይተስ ቢና ኤችአይቪ በደም የሚተላለፉ ናቸውና።

መግሉ ከበዛ፣ ቆዳው ከሞቀና ካመመ፣ ወይም ትኩሳት ካለዎ እብጠቱ ላይ እውነተኛ ጀርም ገብቶበታልና ጤና ተቋም ይሂዱ። ክብ ሆኖ ዳር ዳሩ እየተላላጠ የሚሰፋ ከሆነ ጭርት ሊሆን ይችላል፤ በስቴሮይድ ቅባት መልኩ ስለሚጠፋ ሳይቀቡ ያሳዩት። እብጠቱ እየጠነከረ፣ ከመጀመሪያ ቁስሉ ወጥቶ እየሰፋ ከመጣ ኬሎይድ የሚባለው ጠባሳ ነው፤ ገና ትንሽ ሳለ በመርፌ ይታከማልና ለቆዳ ሐኪም ለማሳየት አይዘግዩ።