ስህተትን በምዕራፍ ሳይሆን በዓይነቱ መደርደር

«የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የሒሳብ ወርክሺት ሠርቼ መልሱን ካየሁ በኋላ የተሳሳትኳቸውን በየምዕራፉ እየለየሁ ደብተር ላይ እገለብጣለሁ። ፈተና ላይ ግን ያንኑ እደግማለሁ። እናንተ ማጠቃለያችሁን እንዴት ነበር የምትሠሩት?»

ወንድሜ፣ እኔም እንዳንተው ነበርኩ። ትክክለኛውን አሠራር በሰማያዊ እስክሪብቶ አሳምሬ እገለብጥ ነበር። ደብተሬ ያምራል፣ ውጤቴ ግን ፈቀቅ አይልም። ነገሩ የገባኝ ከ40 ጥያቄ 11 ስቼ ከተሳሳትኳቸው ሦስቱን ጎን ለጎን ያስቀመጥኩ ቀን ነው። እነዚህ ነበሩ፦

```
√(x+6) = x
log₂x + log₂(x−2) = 3
x²/(x−3) = 9/(x−3)
```

በምዕራፍ ከሄድክ አንዱ የስኩዌር ሩት፣ አንዱ የሎጋሪዝም፣ አንዱ የክፍልፋይ ጥያቄ ነው። እኔም ሦስት የተለያዩ ገጾች ላይ ጽፌያቸው ነበር። የመጀመሪያውን ሁለቱንም ጎን ስኩዌር አድርጌ x² − x − 6 = 0 ላይ ደረስኩና 3 እና −2 ብዬ መለስኩ። ሁለተኛው 4 እና −2 ሰጠኝ፣ ሦስተኛው 3 እና −3። አልጀብራው ላይ አንድም ስህተት የለም! ግን −2ን መጀመሪያው ላይ መልሰህ ብታስገባው √4 = −2 ይልሃል፣ ይሄ ደግሞ ውሸት ነው። ሁለተኛው ላይ −2 ሎጋሪዝም ውስጥ አይገባም፣ ሦስተኛው ላይ 3 ታችኛውን ዜሮ ያደርገዋል። ሦስቱም ላይ የሠራሁት ጥፋት አንድ ነው፤ ያገኘሁትን ቁጥር መጀመሪያ ወደተሰጠው ኢኩዌሽን መልሼ አላስገባሁም። ምርጫው ውስጥ ደግሞ ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ላይ የያዘው መልስ ተዘጋጅቶ ይጠብቅሃል።

ከዚያ በኋላ አሠራሬን ቀየርኩ። ወርክሺቱን ስትሠራ በእስክሪብቶ ሥራ፣ አታጥፋ። መልሱን ስታይ የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ አታስተካክል፤ ከላይ ጀምረህ እየወረድክ መጀመሪያ የተበላሸችውን መስመር ፈልግና አስምርባት። ከሥሯ ያኔ ምን እንዳሰብክ በራስህ አነጋገር ጻፍ። ለምሳሌ 5 − (x − 3)ን 5 − x − 3 አድርጌ ከሆነ «ማይነሷ ቅንፉ ውስጥ ያለውን የመጀመሪያውን ብቻ ነካች» እላለሁ። ገምተህ ያገኘሃቸውንም አትዝለል። እኔ ሦስት ያህል እንዲህ ያሉ ነበሩኝ፤ መልሳቸው ልክ ስለሆነ ብቻ ሳያቸው የማልፍ ነበርኩ።

ምድቡን ቀድመህ አታዘጋጅ። ሁሉንም ጽፈህ ከጨረስክ በኋላ የሚመሳሰሉትን ሰብስብና ስም ስጣቸው። የኔ 11 እንዲህ ወጣ፦ አምስቱ መልሶ አለማስገባት፣ ሦስቱ የማይነስና የቅንፍ፣ ሁለቱ የተጠየቀውን አለመመለስ (xን አግኝቼ ጥያቄው ግን የሚፈልገው የመልሶቹን ድምር ነበር)፣ አንዱ ጭራሽ የማላውቀው። የመጨረሻው ወረቀቱ ላይ አይገባም። ያልገባህን ነገር አንድ መስመር ጽፈህ አታድነውም፣ ወደ መጽሐፉ ተመለስ።

«ጥንቃቄ ማነስ» የሚባል ምድብ ግን አደራ እንዳትከፍት። እኔ ከፍቼ ግማሹ ስህተቴ እዚያ ገባ፣ ከዚያ የተማርኩት ነገር የለም። የት መስመር ላይ፣ ምን ስታደርግ እንደሆነ ካልነገረህ ምድብ አይደለም።

ወረቀቱ አንድ ገጽ ይበቃዋል። ለእያንዳንዱ ምድብ የምጽፈው ሦስት ነገር ነው፤ የራሴ የተበላሸች መስመር፣ ቀስቃሽ ምልክቷ፣ የማደርገው ነገር። ለአምስቱ የጻፍኩት ይሄ ነው፦ «√(x+6) = x ላይ −2ን ተቀበልኩ። ምልክት፦ ስኩዌር ካደረግኩ፣ ሎጋሪዝሞችን ካዋሃድኩ፣ ወይም ታች ያለ xን ካጠፋሁ። ሥራ፦ እያንዳንዱን መልስ የመጀመሪያው መስመር ላይ አስገባ።» ምልክቷ ትልቁ ነገር ናት። እሷ ከሌለች ፈተና ላይ ወረቀቱን መቼ እንደምታስታውሰው አታውቅም። ሁሉንም ኢኩዌሽን መልሰህ ላስገባ ካልክ ደግሞ ሰዓት ይበላሃል፤ 2x + 5 = 11 ላይ ትርፍ መልስ አይመጣም።

ሙሉ አሠራር ወረቀቱ ላይ አትጻፍ። እሱን ስታነብ «አዎ፣ አውቀዋለሁ» ብለህ ታልፋለህ። ከሳምንት በኋላ የተበላሸችውን መስመር ብቻ ገልጠህ ቀሪውን በእጅህ ሸፍንና ጥፋቱ የት እንደሆነ ለራስህ ተናገር። ቀጥለህ ከሌላ ምዕራፍ ያንኑ ምልክት ያለበት አዲስ ጥያቄ ሥራ። የድሮውን ጥያቄ ደግመህ ብታገኘው አያስደስትህ፣ መልሱን ሸምድደኸው ይሆናል። እኔ አንድን ምድብ የምሰርዘው በሁለት የተለያዩ ወርክሺቶች ላይ ምልክቱ መጥቶ ሳልሳሳት ሳልፍ ነበር። የማይነሷ ግን እስከ ፈተናው ዋዜማ ድረስ ወረቀቱ ላይ ነበረች።